በ74 እና በ75 መካከል

የእህቴ ልጅ ማታ ከዶርም ደወለችልኝ። የአንደኛ ዓመት የሁለተኛ ሴሚስተር ማርክ ተለጥፏል፤ ሬጅስትራሩ ግን ግሬድ ገና አላወጣም። «ጋሼ፣ አራት ሆነን ሠርተን አራት መልስ አገኘን፤ እስቲ ይዩልኝ» አለች። አራቱም ያሰሉት የእሷኑ የሰባት ኮርስ ውጤት ነው። አንዷ ጓደኛዋ ጂፒኤሽ 3.17 ነው አለቻት፤ ሁለተኛዋ 3.50፤ ሦስተኛዋ 3.46፤ እሷ ራሷ ያገኘችው 3.39 ነው። ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በብዙ ግቢ በማዕረግ ለመመረቅ 3.25 ያስፈልጋል፤ 3.50 ደግሞ የከፍተኛ ማዕረግ በር ነው። በአንዷ ጓደኛ ስሌት ልጅቷ ከማዕረግ ውጭ ናት፣ በሌላዋ ስሌት የከፍተኛ ማዕረግ ተመራቂ።

ማርኩን በቴሌግራም ላከችልኝ። አፕላይድ ማቲማቲክስ 64፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ 74፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ 79፣ ኢንተርፕረነርሺፕ 76፤ እነዚህ አራቱ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ሀወር ናቸው። አንትሮፖሎጂ 92፣ ግሎባል ትሬንድስ 88፣ ሲቪክስ 81፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ባለ 2 ክሬዲት ናቸው። በድምሩ 18 ክሬዲት ሀወር ይሆናል።

ከማስላት በፊት ስኬሉን ማወቅ ግድ ነው። በብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠራበት ቋሚ ስኬል እንዲህ ይሄዳል። ከ90 ጀምሮ ኤ ፕላስ፣ ከ83 እስከ 90 ኤ ነው፤ የሁለቱም ነጥብ 4 ነው። ከ80 እስከ 83 ኤ ማይነስ 3.75፣ ከ75 እስከ 80 ቢ ፕላስ 3.5፣ ከ68 እስከ 75 ቢ 3፣ ከ65 እስከ 68 ቢ ማይነስ 2.75፣ ከ60 እስከ 65 ሲ ፕላስ 2.5፣ ከ50 እስከ 60 ሲ 2 ነጥብ። ከዚያ በታች ከ45 ጀምሮ ሲ ማይነስ 1.75፣ ከ40 ጀምሮ ዲ 1 ነጥብ ያገኛል፤ ከ40 በታች ያለው ኤፍ ኤክስም ይባል ኤፍ ነጥቡ ዜሮ ነው። «እስከ 80» ሲባል ራሱን 80ን አይጨምርም፤ 80 ያገኘ ላይኛው እርከን ላይ ወጥቷል። አንዳንድ ግቢ ኤን ከ85፣ ቢን ከ70 ይጀምራል፤ ስለዚህ ከጓደኛ የተላከ ሰንጠረዥ ከመያዝ የራስን ግቢ የተማሪዎች መመሪያ ማየት ይሻላል። የእህቴ ልጅ ማርኮች በሁለቱም ስኬል አንድ ዓይነት ግሬድ ስለሚሰጡ ለእሷ ጭቅጭቅ የለውም።

አሁን እያንዳንዱን ኮርስ ለብቻው ከማርክ ወደ ግሬድ፣ ከግሬድ ወደ ነጥብ እንለውጥና ነጥቡን በክሬዲቱ እናባዛ።

| ኮርስ | ክሬዲት | ማርክ | ግሬድ | ነጥብ | ብዜት |
|---|---|---|---|---|---|
| አፕላይድ ማቲማቲክስ | 3 | 64 | ሲ ፕላስ | 2.5 | 7.5 |
| ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ | 3 | 74 | ቢ | 3 | 9 |
| ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ | 3 | 79 | ቢ ፕላስ | 3.5 | 10.5 |
| ኢንተርፕረነርሺፕ | 3 | 76 | ቢ ፕላስ | 3.5 | 10.5 |
| አንትሮፖሎጂ | 2 | 92 | ኤ ፕላስ | 4 | 8 |
| ግሎባል ትሬንድስ | 2 | 88 | ኤ | 4 | 8 |
| ሲቪክስ | 2 | 81 | ኤ ማይነስ | 3.75 | 7.5 |
| ድምር | 18 | | | | 61 |

61 ለ18 ሲካፈል 3.388 እያለ ይቀጥላል፤ ተጠጋግቶ 3.39 ነው። ልጅቷ ትክክል ናት። የሦስቱ ጓደኞቿ ስህተት ግን ሦስት ዓይነት ስለሆነ አንድ በአንድ ማየት ደስ ይላል።

3.17 ያለችው ሰባቱን ማርክ ደምራ ለሰባት አካፈለች፤ 79.14 መጣላት። ከዚያ «መቶው አራት ከሆነ፣ ሃያ አምስቱ አንድ ነው» ብላ ለ25 አካፈለችው። 3.50 ያለችውም ያንኑ 79.14 ይዛ ነው የተነሳችው፤ እሷ ግን ለ25 በማካፈል ፋንታ ስኬሉን አየችና ቢ ፕላስ ላይ አረፈች። ሁለቱም መጀመሪያ አማካይ አወጡ፣ ቀጥሎ ለወጡ። ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ ማለት ነው። ስኬሉ የሚያውቀው አንድን ኮርስ ብቻ ነው፤ የሴሚስተር አማካይ የሚባል ነገር አያውቅም። ሦስተኛዋ ከሁሉም ትሻላለች፤ እያንዳንዱን ኮርስ በትክክል ወደ ነጥብ ለውጣለች። ነጥቦቹን ደምራ 24.25 አገኘችና ለሰባት ኮርስ አካፈለች፣ 3.46 ሆነ። የረሳችው ክሬዲቱን ነው። ልጅቷ ጥሩ ያመጣችባቸው ሦስት ኮርሶች ባለ 2 ክሬዲት መሆናቸውን፣ የደከመችበት ሒሳብ ግን ባለ 3 መሆኑን ጥላዋለች። ክሬዲት ሲገባ ከባዱ ኮርስ ክብደቱን ያሳያል፣ ውጤቱም ወደ 3.39 ይወርዳል።

የሚገርመው፣ ይቺው ጓደኛዋ በመጀመሪያው ሴሚስተር በዚሁ መንገድ ሠርታ ትክክለኛውን መልስ አግኝታ ነበር። ያን ጊዜ የተመዘገበችባቸው ኮርሶች ሁሉ ባለ 3 ክሬዲት ነበሩ። ክሬዲቱ እኩል ሲሆን ማባዛቱም መተዉም አንድ ነው፤ ስህተቱ ተደብቆ ይቆያል። የተሳሳተ ዘዴ አንዴ ትክክል መልስ ከሰጠ በኋላ ሰውን ማሳመን እንዴት እንደሚከብድ አስተማሪ የሆነ ያውቀዋል።

ለ25 ማካፈሉን ጠጋ ብለን እንየው፤ ከሁሉ የተለመደው እሱ ነውና። ዘዴው ሙሉ በሙሉ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልያዘው። 100 ለ25 ሲካፈል 4 ነው፣ ስኬሉም 4 ይላል። 50 ለ25 ሲካፈል 2 ነው፣ ስኬሉም 50 ላይ ሲ ብሎ 2 ይሰጣል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ይገጥማሉ፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። በመሃል ግን ይለያያሉ። 75 በማካፈል 3 ይሆናል፣ በስኬሉ 3.5 ነው። 83 በማካፈል 3.32 ነው፣ በስኬሉ ሙሉ 4። ከ50 በታች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 40 በማካፈል 1.6 ሲሆን ስኬሉ የሚሰጠው 1 ብቻ ነው፣ 39 ቢሆን ደግሞ ዜሮ። ማካፈል የዳገት መንገድ ነው፤ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ስኬሉ ደረጃ ነው፤ ረጅም ሜዳ ትሄድና ድንገት አንድ እግር ታነሣለህ።

ይህ የደረጃነት ጠባይ በልጅቷ ውጤት ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። እንግሊዝኛው 74 ነው። አንድ ማርክ ቢጨመር ቢው ቢ ፕላስ ይሆናል፣ ግማሽ ነጥብ በ3 ክሬዲት ተባዝቶ 1.5 ይጨምራል፣ 61 የነበረው 62.5 ይሆናል፣ ጂፒኤው ከ3.39 ወደ 3.47 ይዘላል። አንድ ማርክ ይህን ሁሉ አደረገ። በሌላ በኩል አንትሮፖሎጂው ከ92 ወደ 99 ቢወጣ ጂፒኤው ንቅንቅ አይልም። ከ92 ወደ 85 ቢወርድም እንደዚያው፤ በትራንስክሪፕት ላይ ኤ ፕላሱ ኤ ይሆናል እንጂ የሁለቱም ነጥብ 4 ነው። ሰባት ማርክ ወደ ላይ ሰባት ማርክ ወደ ታች ዋጋ የለውም፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ማርክ ግን አለው። ፍትሐዊ ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ በበኩሌ አይመስለኝም፤ ግን ጨዋታው በዚህ ሕግ ነው የሚካሄደው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማካፈያው ላይ ነው፤ የትኛው ክሬዲት ተቆጥሮ የትኛው ይተዋል? ኤፍ ይቆጠራል። ልጅቷ ሒሳቡን ወድቃ ቢሆን ኖሮ 7.5 ከላይ ይቀነስና 53.5 ይቀራል፤ 18ቱ ክሬዲት ግን ከታች ባለበት ይቆያል። 53.5 ለ18 ሲካፈል 2.97 ነው። «ያላለፍኩትን ለምን እቆጥረዋለሁ?» ብሎ ለ15 የሚያካፍል ሰው 3.57 ያገኛል፤ በመውደቁ ጂፒኤው ከፍ አለ ማለት ነው። መልሱ ራሱ ስህተቱን ይናገራል። የማይቆጠረው በማለፍና በመውደቅ ብቻ የሚመዘገብ ኮርስ ነው፤ የአንደኛ ዓመቱ ፊዚካል ፊትነስ ለምሳሌ ከላይም ከታችም አይገባም። ውጤቱ ያልተሟላለት ኮርስም እስኪሟላ ድረስ ከስሌቱ ውጭ ይጠብቃል፤ በዚህ ምክንያት ግሬድ ሪፖርት ላይ ዛሬ ያየኸው ጂፒኤ ከወር በኋላ ሊለወጥ ይችላል።

የሴሚስተሩ ጂፒኤ ከታወቀ በኋላ ልጅቷ የጠየቀችኝ ሲጂፒኤዋን ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር ታማ አንድ ኮርስ አቋርጣ ስለነበር የጨረሰችው 15 ክሬዲት ብቻ ነው፣ ጂፒኤዋም 3.00። ያቋረጠችውን ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ክረምት ትወስደዋለች፣ ኤ አመጣለሁ ብላለች። ኤ ብታመጣ የክረምቱ ጂፒኤ 4.00 ነው። ጓደኞቿ ወዲያው 3.00፣ 3.39 እና 4.00ን ደምረው ለሦስት አካፍለው 3.46 አሏት። ደስታዋ ብዙ አልቆየም። ለአንድ ኮርስ የተገኘ 4.00 ከ18 ክሬዲት ሴሚስተር ጋር እኩል ድምፅ ሊኖረው አይችልም። ወደ ብዜቱ መመለስ ነው። 15 በ3.00 ሲባዛ 45፤ የሁለተኛው ሴሚስተር 61፤ የክረምቱ 3 በ4 12። ድምሩ 118፣ ክሬዲቱ 36። 118 ለ36 ሲካፈል 3.28። ክረምቱ ሳይጨመር 106 ለ33 ሲካፈል 3.21 ነበር፤ አንዲት ኤ 3.25ን አሻግራታለች ማለት ነው፣ 3.46 ላይ ግን አላወጣቻትም። ቁጥሩን ለማቆየት የሚሻለው ጂፒኤውን ሳይሆን ሁለቱን ድምሮች፣ ብዜቱንና ክሬዲቱን፣ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። ከሁለቱ ድምሮች ጂፒኤው ሁልጊዜ ይወጣል፤ ከጂፒኤው ብቻ ግን እነሱን ማውጣት አይቻልም።

ኮምፒውተር ላላቸው ሥራው በሁለት ፎርሙላ ያልቃል። በ`H` ዓምድ የእርከኑን መነሻ ማርክ ከትንሹ ጀምሮ ጻፍ፦ 0፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 65፣ 68፣ 75፣ 80፣ 83፣ 90። በ`I` ዓምድ ከየአንዳንዱ ጎን ነጥቡን። ክሬዲቱ በ`B`፣ ማርኩ በ`C` ይሁን። የመጀመሪያው ፎርሙላ በ`D` ዓምድ ለየኮርሱ ነጥቡን ያመጣል፣ ሁለተኛው ጂፒኤውን ይሰጣል።

```
=VLOOKUP(C2,$H$2:$I$12,2,TRUE)
=SUMPRODUCT(B2:B8,D2:D8)/SUM(B2:B8)
```

መጨረሻ ላይ ያለችው `TRUE` «ከዚህ ማርክ የማይበልጠውን ትልቁን መነሻ ፈልግ» ማለት ናት፤ መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ካልተደረደሩ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ ነጥብ ታመጣለች። ሌላም ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ አንድ ማታ ያበድኩበት ነው። ስክሪኑ ላይ 75 የሚል ማርክ ይታያል፣ ነጥቡ ግን 3 ብሎ ይመጣል። ሴሉን ስትጫነው ውስጡ 74.6 ነው፤ ያለ ነጥብ እንዲታይ ስለተደረገ ብቻ 75 መስሏል። ስኬሉ የሚያየው የተደበቀውን ነው። መምህሩ 74.6ን 75 አድርጎ ይመዘግበዋል ወይስ እንዳለ ይተወዋል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የግማሽ ነጥብ ጥያቄ ነው፤ ግቢው ምን እንደሚል አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሚመጡትን እንይ። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ውጤትዎን በመቶኛ ይግለጹ» ሲባል ብዙ ተመራቂ ጂፒኤውን ለ4 አካፍሎ በመቶ ያባዛል። የእህቴ ልጅ በዚህ መንገድ 84.75 ከመቶ ትሆናለች። እውነተኛ ማርኮቿ በክሬዲት ተመዝነው ግን 77.83 ናቸው። ሰባት ማርክ ከየት መጣ? ከደረጃው ነው። 88ም 92ም አንድ 4 ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል፤ ሲ ፕላስ ያለ ሰው 60 ይሁን 64 ማንም ከጂፒኤው ሊያውቅ አይችልም። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ አንድ ነው፣ የመመለሻው ግን ተዘግቷል። መቶኛ በግድ ከተጠየቀ ከማርኮቹ መነሣት ነው፤ ማርኮቹ ከሌሉ ጂፒኤውን ከነመለኪያው «3.39 ከ4.00» ብሎ መጻፍ።

እስራኤል ያሉ ልጆቻችን ይህ ችግር በሌላ በኩል ነው የሚገጥማቸው። እዚያ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማርኩን ወደ 4 ነጥብ አይለውጡትም፤ ከመቶ እንዳለ ይይዙትና በ«ኔኩዶት ዝኹት»፣ ማለትም በክሬዲት ነጥብ፣ መዝነው አማካዩን ከመቶ ይሰጣሉ። ይኸው የእኛ ልጅ እዚያ ብትማር ወረቀቷ ላይ የሚጻፈው 77.83 ነበር። ከዚያ ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ማመልከት የፈለገ ልጅ 4 ነጥብ ሲጠየቅ አማካዩን ብቻ ይዞ ስኬል ላይ ቢያሳርፈው የሁለተኛዋን ጓደኛ ስህተት ደገመ ማለት ነው። እሱም የየኮርሱን ማርክ ዘርግቶ አንድ በአንድ መለወጥ አለበት።

ደግሞም በማን ስኬል? በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ኤ ከ90፣ ቢ ከ80፣ ሲ ከ70 ይጀምራል። የልጅቷ 74 እዚህ ቢ ነው፣ በዚያኛው ስኬል ግን ሲ ይሆናል። ማርኩ ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን በሰጠው ግቢ ልማድ ይለያል፤ አንዱ አገር 74ን እንደ ጥሩ ሲያየው ሌላው መካከለኛ ይለዋል። ለዚህ ነው እንደ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ያሉ የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ትራንስክሪፕቱን በየኮርሱ ሲገመግሙ ግሬዱን በመጣበት አገር ስኬል የሚያነቡት። በ25 አያካፍሉም። ከትራንስክሪፕቱ ጀርባ ላይ የታተመው የግሬድ ማብራሪያ ለእነሱ ዋና ማስረጃ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ የፊቱን ገጽ ብቻ ኮፒ አድርጎ መላክ ስንቱን ሰው እንዳጉላላ እኔ አውቃለሁ። አመልካቹ ራሱ ለውጦ የራሱን ቁጥር ቅጹ ላይ ከመሙላት ይልቅ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለውን ከነመለኪያው ጻፍ ነው የሚሉት።

ዕድሜዬ ያሉ ሰዎች ትራንስክሪፕት ደግሞ ለዚህ ሁሉ ስሌት አይመችም። በእኛ ጊዜ ግሬድ የሚሰጠው በአብዛኛው ከክፍሉ ልጆች ጋር ተነጻጽሮ ነበር፤ ፕላስና ማይነስም ብርቅ ነበር። ፈተናው ከባድ ከሆነ 58 ያመጣ ቢ ይዞ ይወጣል፣ ቀላል ከሆነ 70ም ሲ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ይዞ «ስንት ከመቶ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ማርክና ግሬድን የሚያገናኝ ቋሚ ስኬል አልነበረምና።

ልጅቷ በማግስቱ የእንግሊዝኛ መምህሯ ዘንድ ሄዳ የፈተና ወረቀቷን እንዲያሳያት ጠየቀች። መብቷ ነው፤ የመደመር ስህተት ያጋጥማል፣ አንዳንዴም የቤት ሥራ ማርክ ሳይገባ ይቀራል። መምህሩ ሳይቆጣ አውጥቶ አብሯት ደመረ፦ ኩዊዙ፣ ሚዱ፣ አሳይመንቱ፣ ፋይናሉ። ማታ ደወለችና «74 ነው ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ደመርነው» አለች። ከሳምንት በኋላ ሬጅስትራሩ ግሬድ ሪፖርቱን ለቀቀ። 3.39።